ማንም ያብስለው ያው ሾርባ፦ ከመጨረሻው ክብደት የሚነሳ የሬሲፒ ካርድ አዘገጃጀት

ሶስት አብሳዮች አንድ ሬሲፒ ይዘው የምስር ሾርባ ይሰራሉ እንበል። ዕቃው አንድ ነው፣ ድስቱም አንድ ነው። የአንዷ ሾርባ ለ40 ሰው በቃ። የሁለተኛው 34ኛው ሰው ላይ አለቀ፣ ወፍራምና ጨው የበዛበት ነበር። የሶስተኛዋ ተርፎ አደረ፣ ግን ቀጥኗል። ሶስቱም ወረቀቱ ላይ ያለውን አድርገናል ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። አብዛኛው ሬሲፒ ወደ ድስቱ የሚገባውን በደንብ ይዘረዝራል። ከድስቱ ስለሚወጣው ግን ምንም አይልም። ስንት ኪሎ ሾርባ መውጣት አለበት? ለአንድ ሰው ስንት ግራም ይቀዳል? በየትኛው ጭልፋ? እነዚህ ካልተጻፉ እያንዳንዱ አብሳይ በራሱ ግምት ይሞላቸዋል፣ የሰው ግምት ደግሞ አንድ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ካርዱን ከታች ወደ ላይ እንሰራዋለን። መጀመሪያ ሳህኑ ላይ የሚቀርበውን እንወስናለን፣ ከዚያ ከድስቱ የሚወጣውን፣ በመጨረሻ ወደ ድስቱ የሚገባውን። ለምሳሌ የምወስደው ይህንኑ የምስር ሾርባ ነው። ሾርባ ለዚህ ትምህርት የሚመች ምግብ ነው፤ ውሃው እየተነነ ክብደቱ ስለሚለዋወጥ ስህተት ቶሎ ይታይበታል።

1. የአንድ ሰው መጠን በቅድሚያ

ሾርባው የሚቀርብበትን ጎድጓዳ ሳህን አምጡና ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ለዓይን ደስ እስኪል ድረስ ሾርባ ቅዱበት። አስተናጋጅ ይዞት ሲሄድ እንዳይፈስ ከአፉ ትንሽ ጎደል ይበል። ሚዛኑ 300 ግራም ገደማ አነበበ እንበል። የአንድ ሰው መጠን ይኸው ነው፤ 300 ግራም።

አሁን በአንድ ጊዜ ለስንት ሰው ማብሰል እንደምትፈልጉ ወስኑ። ለ40 ሰው ከሆነ 40 በ300 ሲባዛ 12,000 ግራም ይመጣል። 12 ኪሎ ማለት ነው። ሾርባው በስሎ፣ ተስተካክሎ፣ ለመቀዳት ዝግጁ ሲሆን ድስቱ ውስጥ መኖር ያለበት ክብደት ይህ ነው። ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ሁሉ ለዚህች 12 ኪሎ የሚያገለግል ነው።

ካርዱ ላይ «ለ40 ሰው» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። ለአንዱ አብሳይ 40 ሰው ማለት 40 ትልቅ ሳህን ነው፣ ለሌላው 40 ትንሽ። ሶስቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ፦ የሚወጣው ጠቅላላ ክብደት፣ የአንድ ሰው መጠን፣ የሰው ብዛት።

2. ሚዛኑና የባዶ ድስቱ ክብደት

ሁለት ሚዛን ያስፈልጋል። አንዱ ግራም በግራም የሚያነብ፣ ለጨውና ለቅመም የሚሆን ትንሽ ሚዛን። ሌላው ሙሉ ድስት የሚችል፣ ቢያንስ 30 ኪሎ የሚመዝን። ትንሹ ብቻ ካለ ስራው ግማሹ ላይ ይቆማል፤ የካርዱን ዋና ቁጥር የሚያነብላችሁ ትልቁ ሚዛን ነውና።

ከዚያ ባዶውን ድስት ያለ ክዳን መዝኑት። 4.2 ኪሎ ሆነ እንበል። ይህን ቁጥር ጆሮው ላይ በማይጠፋ መንገድ ጻፉ። በሹል ብረት ቢጫር ይሻላል፣ ቀለም በሳምንት ውስጥ ታጥቦ ያልቃል። ማማሰያው ድስቱ ውስጥ ሆኖ የሚመዘን ከሆነ የእሱም ክብደት አብሮ ይቆጠር፤ ካልሆነ ሁልጊዜ እየወጣ ይመዘን።

አሁን ሂሳቡ ቀላል ነው። 12 ኪሎ ሾርባ ሲደመር 4.2 ኪሎ ድስት፣ 16.2 ኪሎ። አብሳዩ በስራ መሃል መቀነስና መደመር የለበትም። ካርዱ ላይ «ሚዛኑ 16.2 ኪሎ ሲያነብ» ብለን እንጽፍለታለን። ድስቱ ከተቀየረ ይህ ቁጥርም ይቀየራል። ስለዚህ ድስቶቻችሁን ቁጥር ስጧቸውና ካርዱ ላይ የትኛው ድስት እንደሆነ ጥቀሱ።

ትኩስ ድስት ማንሳት አደገኛ ስራ ነው። ሚዛኑ ከምድጃው አጠገብ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ እሳቱ ይጥፋ፣ ሁለት ሰው ያንሳው። ድስቱ ለሁለት ሰው የሚከብድ ከሆነ ጭራሽ አታንሱት፣ የመለኪያ ዱላ ስሩ። አንድ ጊዜ በትክክል 12 ኪሎ ሾርባ መዝናችሁ ድስቱ ውስጥ ገልብጡ፣ ንጹህ የብረት ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ከታች እስኪነካ አስገቡ፣ ሾርባው የደረሰበት ላይ ምልክት ጫሩ። ምልክቱን በውሃ ሳይሆን በራሱ በሾርባው አድርጉት። ሾርባ ከውሃ ትንሽ ስለሚከብድ 12 ኪሎው ድስት ውስጥ የሚይዘው ቦታ ከ12 ሊትር ውሃ ያንሳል።

3. ከጥሩዋ አብሳይ እጅ ላይ ቁጥሩን መውሰድ

ሬሲፒውን ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሾርባዋ የሚወደድላት አንዲት አብሳይ አለች። እሷን አትጠይቋት፣ ተከተሏት። «ጨው ስንት ትጨምሪያለሽ?» ብትሏት «እንደሁኔታው» ነው የምትለው። እጇ ግን በደንብ ያውቃል።

ዘዴው ይህ ነው። እሷ ከመጀመሯ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ በየሳህኑ መዝናችሁ አቅርቡላት። ከምትፈልገው በላይ ይሁን። ጨው 500 ግራም፣ ዘይት 1 ኪሎ፣ ከሙን 100 ግራም። እንደልማዷ በእጇ እየቆነጠረች ትስራ፣ አታቋርጧት። ስትጨርስ የተረፈውን መዝኑ። የጨው ሳህኑ 396 ግራም ቢያነብ የተጠቀመችው 104 ነው። ሌላ ቀን ድገሙት፤ 98 ይመጣል። ሌላ ቀን 101። ካርዱ ላይ 100 ግራም ይጻፋል።

በዚያው ሰዓት ሾርባውንም መዝኑ። እሷ «ደርሷል» ስትል ድስቱ ስንት ኪሎ ሆነ? ይህ ቁጥር ከጨውና ከቅመሙ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ጥሩ አብሳይ በእጇ የምትጨምረው ቢለያይም ድስቱን የምታወርድበት ክብደት በጣም ይቀራረባል። የሾርባው ውፍረት ዓይኗ ውስጥ ስላለ ነው።

የምትጠቀምበትን ጨውም አይነቱን ጻፉ። አንድ ሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 18 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሻካራው ጨው በእህሎቹ መካከል ክፍተት ስላለው ያው ማንኪያ ቀለል ይላል። ሁለት አብሳዮች «አምስት ማንኪያ» ብለው የተለያየ ሾርባ የሚያወጡት በዚህ ነው። በግራም ከተጻፈ ግን ደቃቁም ሻካራውም አንድ ነው። ለዚህ ነው ካርዱ ላይ ማንኪያ፣ ኩባያ፣ እፍኝ፣ «አንድ ራስ ሽንኩርት» የሚባል ነገር እንዳይኖር አጥብቄ የምናገረው። ሁሉም በግራም ይጻፍ። ውሃም ጭምር፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሆነ አያስቸግርም።

4. የተገዛውና የተላጠው

1 ኪሎ ካሮት ሲላጥና ጫፉ ሲቆረጥ 1 ኪሎ አይቀርም። ካርዱ «1 ኪሎ ካሮት» ካለ አንዱ አብሳይ ሳይላጥ ይመዝናል፣ ሌላው ከላጠ በኋላ። በዚህ ብቻ 200 ግራም ሊለያዩ ይችላሉ።

ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይኑር። አንዱ ለአብሳዩ፣ ድስት ውስጥ የሚገባው የተላጠ ክብደት። ሌላው ከመጋዘን ለሚያወጣው ሰው፣ ያልተላጠው። ግንኙነቱን እዚያው ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አውጡት። 5 ኪሎ ካሮት መዝኑ፣ አስላጡ፣ እንደገና መዝኑ። 4 ኪሎ ከቀረ የሚተርፈው 80 ከመቶ ነው። 800 ግራም የተላጠ ካሮት ከፈለጋችሁ 800ን ለ0.80 አካፍሉ፤ 1,000 ግራም ማውጣት አለባችሁ። ሽንኩርቱ 88 ከመቶ ከተረፈ ለ1,000 ግራም 1,136 ግራም ይሆናል፣ 1,150 ብላችሁ ጻፉት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማካፈሉን ትቶ ይደምራል። «20 ከመቶ ይጠፋል፣ ስለዚህ 800 ላይ 20 ከመቶ ልጨምር» ይላል። ያ 960 ነው። ተልጦ ሲመዘን 768 ብቻ ይሆናል።

5. «እስኪበስል ድረስ» የሚለውን መፍታት

የካርዱ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፣ ጊዜ ስጡት።

«መካከለኛ እሳት» የሚባለው በሁለት ምድጃ ላይ አንድ አይነት አይደለም። «ለ30 ደቂቃ አብስል» ማለትም ብቻውን አይረዳም፤ በአንዱ ምድጃ በ30 ደቂቃ 1 ኪሎ ውሃ ይተናል፣ በሌላው 2 ኪሎ። ደቂቃውን ጻፉ፣ ግን አብሳዩ የሚያየውንም አብራችሁ ጻፉ።

ሽንኩርቱን ተመልከቱ። ሾርባውን ጣፋጭ ወይም ጥሬ ጥሬ የሚል የሚያደርገው እሱ ነው። ካርዱ «ሽንኩርቱን አቁላሉ» ካለ አንዱ በ5 ደቂቃ ያወርደዋል፣ ሌላዋ በ20። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ «ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ ያለ ክዳን፣ እያማሰሉ። ከመጀመሪያው ከፍታው ወደ ግማሽ ሲወርድና ጠርዝ ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሲጀምር።» የዚያን ሰዓት ፎቶ አንስታችሁ ካርዱ ላይ ብትለጥፉ ከአንድ አንቀጽ ጽሑፍ የተሻለ ይሰራል።

የእሳቱንም እንዲሁ፦ «አረፋው መሃሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ብቻ እየፈነዳ ቀስ ብሎ ይንተክተክ።» ይህን በየትኛውም ምድጃ ላይ ማየት ይቻላል።

የካሮቱን ክትፍ በተመለከተ፣ «በትንንሹ ክተፉ» አትበሉ። ካርዱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በትክክለኛ መጠኑ ሳሉ። አብሳዩ የከተፈውን ካሮት ካሬው ላይ አስቀምጦ ያያል። ነገሩ ለማማር ብቻ አይደለም። ካሮቱ ከተለቀ ለመብሰል ይዘገያል፣ ድስቱ እሳት ላይ ይቆያል፣ ብዙ ውሃ ይተናል፣ ሾርባው ይወፍራል። የቢላ ልዩነት መጨረሻው ላይ የውፍረትና የጨው ልዩነት ሆኖ ይመጣል።

አሁን ወደ ማብቂያው። ሁለት መለኪያ አለ፣ ቅደም ተከተላቸውም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ መብሰሉ፦ ምስሩ ሙሉ በሙሉ ተፍረክርኳል፣ የካሮቱ ቁራጭ በማንኪያ ጀርባ ድስቱ ግድግዳ ላይ ሲጫኑት ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ክብደቱ፦ ሚዛኑ 16.2 ኪሎ። ክብደቱ ደርሶ ምስሩ ጥሬ ከሆነ የፈላ ውሃ ጨምረው ማብሰል ይቀጥላሉ። ምስሩ ሳይበስል በክብደቱ ብቻ ማውረድ አይሰራም።

ሚዛኑ 16.9 ካነበበ 700 ግራም ውሃ ገና መውጣት አለበት። ክዳኑን ከፍቶ፣ ስሩን እንዳይይዝ እያማሰሉ 10 ደቂቃ ማንተክተክና እንደገና መመዘን። 15.6 ካነበበ 600 ግራም የፈላ ውሃ ጨምሮ አንዴ ማፍላት። እዚህ ላይ የጨው ጉዳይ በራሱ ይስተካከላል። 100 ግራም ጨው 12 ኪሎ ሾርባ ውስጥ ካለ ሁልጊዜ 0.83 ከመቶ ገደማ ነው። መሃል ላይ ምን ያህል እንደተነነ ለውጥ የለውም።

ልዩነቱ ከ1 ኪሎ ካለፈ ግን በውሃ አታስተካክሉት። ያ የእሳት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። አንድ ዕቃ ሳይገባ ቀርቷል፣ ወይም ሁለቴ ገብቷል፣ ወይም ድስቱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ።

6. ካርዱ ሲጻፍ ይህን ይመስላል

የምስር ሾርባ
የሚወጣው፦ 12 ኪሎ። የአንድ ሰው መጠን፦ 300 ግራም። የሰው ብዛት፦ 40
ድስት ቁጥር 3፣ ባዶው 4.2 ኪሎ

ወደ ድስቱ የሚገባ (በቅንፍ ከመጋዘን የሚወጣው)፦
ዘይት 150 ግራም
ቀይ ሽንኩርት፣ ተልጦ በደቃቁ የተከተፈ 1,000 ግራም (1,150)
ነጭ ሽንኩርት፣ ተልጦ የተወቀጠ 60 ግራም (70)
ከሙን፣ የተፈጨ 15 ግራም
ቲማቲም፣ የተፈጨ 800 ግራም
ቀይ ክክ ምስር፣ ሳይታጠብ የተመዘነ 2,000 ግራም
ካሮት፣ ተልጦ በ1 ሳንቲ ሜትር የተከተፈ 800 ግራም (1,000)
ውሃ 8,500 ግራም
ጨው 100 ግራም

1. ምስሩን እጠቡ፣ ወንፊት ላይ 5 ደቂቃ ይጥለል።
2. ሽንኩርቱን በዘይት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ አቁላሉ፣ ያለ ክዳን። ፎቶውን ተመልከቱ።
3. ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ጨምሩ፣ 1 ደቂቃ። ቲማቲም ጨምሩ፣ 5 ደቂቃ።
4. ምስር፣ ካሮት፣ ውሃ ጨምሩ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ። ክዳኑ ግማሽ ተከፍቶ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ እየተንተከተከ፣ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። በየ5 ደቂቃው ስሩን አማስሉ።
5. ጨው ጨምሩ፣ 5 ደቂቃ።
6. ምስሩ ተፍረክርኮ ካሮቱ ሲፈርስ መዝኑ። ሚዛኑ 16.2 ኪሎ ያንብብ። አስተካክሉ።
7. ከ63 ዲግሪ በላይ፣ ክዳኑ ተከድኖ ይቆይ።
አቀራረብ፦ ባለ 150 ግራም ጭልፋ፣ 2 ጊዜ፣ እኩል ከአፉ።

የገባውን ብትደምሩት 13,425 ግራም ነው። 12,000 ስለሚወጣ 1,425 ግራም በእንፋሎት ሄዷል ማለት ነው። ከታጠበው ምስር ጋር የሚገባው ጥቂት ውሃ እዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም፣ ወንፊቱ በደንብ ካላጠለለ ግን በመቶ ግራሞች ሊቆጠር ይችላል። ስድስተኛው ተራ ላይ ያለው ሚዛን ይህንንም ያርመዋል።

ካርዱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ይሸፈን ወይም ላሚኔት ይደረግ፣ ታችኛው ጥግ ላይ የተጻፈበት ቀን ይኑር።

7. ጭልፋው

ድስቱ ውስጥ 12 ኪሎ በትክክል ካለና ሳህኖቹ ከተለያዩ ጥፋቱ የጭልፋው ነው። ጭልፋ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሊትር እናንተ የምትፈልጉት ግራም አይደለም። በራሳችሁ ሾርባ ለኩት። አንድ ሰው እንደሚቀዳው አድርጎ 10 ጊዜ ሚዛን ላይ ወዳለ ዕቃ ይገልብጥ። 1,500 ግራም ከመጣ አንዱ ጭልፋ 150 ነው፣ ሁለት ጭልፋ 300። 1,650 ከመጣ አንድም አቀዳዱ ከአፉ በላይ ነው፣ አንድም ሌላ ጭልፋ ያስፈልጋል። የተመረጠው ጭልፋ ምልክት ይደረግበትና ለሌላ ስራ አይውጣ።

ምስር ወደ ታች ይዘቅጣል። ሳይማሰል ከላይ ከተቀዳ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ገንፎ ያገኛሉ። ስለዚህ በየ4 ወይም 5 ሳህኑ ከስሩ ይማሰል። ይህም ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የሚቀዳው ሰው ያበሰለው ሰው ላይሆን ይችላል።

ድስቱ ላይ ተጣብቆ የሚቀርም አለ። ከ12 ኪሎ ውስጥ 300 ግራም ገደማ ግድግዳውና ማማሰያው ላይ ከቀረ የሚቀርበው 39 ሳህን ነው። በተግባር ስትቆጥሩ ሁልጊዜ 39 ከመጣ ካርዱ ላይ «በተግባር የሚቀርብ 39» ብላችሁ ጨምሩ። አለበለዚያ 40ኛውን ሳህን ለማዳረስ ሰው ከመሃል ላይ መቆጠብ ይጀምራል፣ ሁሉም ሳህን ያንሳል።

8. የማያውቀው ሰው ይስራው

ካርዱን የጻፋችሁት እናንተ ስለሆናችሁ የጎደለው አይታያችሁም። ሾርባውን ሰርቶ ለማያውቅ አብሳይ ካርዱን ስጡትና ዝም ብላችሁ ቁሙ። የሚጠይቃችሁን ሁሉ ጻፉ፣ መልስ ግን አትስጡ። «ክዳኑን ልክደን?» ካለ ካርዱ ላይ ስለ ክዳን አልተጻፈም ማለት ነው። ዞር ብሎ ካያችሁም ልብ በሉ፤ ያም ጥያቄ ነው።

ከዚያ ካርዱን አርሙና ለሌላ ሰው ስጡ። ቢያንስ ሶስት የተለያዩ ሰዎች ሰርተውት ክብደቱ፣ የሳህኑ ቁጥርና ጣዕሙ ሲቀራረብ ካርዱ ጸደቀ በሉ። ጣዕሙን ስታነጻጽሩ ሾርባዎቹ እኩል ትኩስ ይሁኑ። የምስር ሾርባ ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር የቆየውን ከአሁን ከወረደው ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

9. መጠኑን መጨመርና መቀነስ

ለ100 ሰው፣ በትንሽ ሳህን፣ 250 ግራም እያንዳንዱ ተፈለገ እንበል። በሰው ብዛት ብቻ ካሰባችሁ 100 ለ40፣ 2.5 እጥፍ ትላላችሁ። ያ 30 ኪሎ ሾርባ ነው፣ 5 ኪሎ ይተርፋል። ትክክለኛው በክብደት ነው። 100 በ250፣ 25 ኪሎ። 25 ለ12 ሲካፈል 2.083። እያንዳንዱን ዕቃ በዚህ አባዙ፦ ምስር 4,167 ግራም፣ ሽንኩርት 2,083፣ ጨው 208።

ውሃው ግን በዚህ አይባዛም። ትነት የሚወሰነው በሾርባው ብዛት ሳይሆን በድስቱ አፍ ስፋት፣ በእሳቱና በሚቆይበት ጊዜ ነው። ሾርባው እጥፍ ሲሆን የድስቱ አፍ እጥፍ አይሰፋም። ውሃውን ዝም ብላችሁ ብታባዙት 17.7 ኪሎ ይመጣል። ይህ ቁጥር ወደ 3 ኪሎ ውሃ ይተናል ብሎ ያስባል። በትልቁ ድስት የሚተነው 1.9 ኪሎ ብቻ ከሆነ መጨረሻ ላይ ወደ 26.1 ኪሎ የሚጠጋ ቀጭን ሾርባ ይኖራችኋል። ከዚያ ለማወፈር ስትሉ ምስሩ ስሩን ይይዛል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከውሃ በስተቀር ሌላው ሁሉ 10,260 ግራም ነው። መውጣት ያለበት 25,000፣ የሚተነው 1,900። ስለዚህ የሚገባው ውሃ 25,000 ሲደመር 1,900፣ ሲቀነስ 10,260፣ 16,640 ግራም ይሆናል። የሚተነውን ገና ካላወቃችሁት ለመጀመሪያው ቀን ውሃውን ወደ 16 ኪሎ ዝቅ አድርጉና መጨረሻ ላይ በሚዛን ሙሉት። ውሃ መጨመር ከማትነን ይቀላል። ያን ቀን ያገኛችሁት ቁጥር ወደ ካርዱ ይገባል።

ከሙኑንም የመጀመሪያ ቀን ሶስት አራተኛውን ብቻ ጨምሩ፣ ቀምሳችሁ ቀሪውን። ሽንኩርቱ ደግሞ በትልቅ ድስት ውስጥ ተቆልሎ ስለሚቀመጥ ከመቁላላቱ በፊት ውሃ ይለቃል፣ 15 ደቂቃ አይበቃውም። በሁለት ዙር ብታቁላሉት ይሻላል።

ይህን ሂሳብ አብሳዩ በምሳ ሰዓት ግርግር እንዲሰራ አትተዉት። አዘውትራችሁ የምታበስሉትን መጠኖች፣ ለምሳሌ 20፣ 40 እና 80 ሰው፣ ቀድማችሁ አስልታችሁና ፈትናችሁ በካርዱ ጀርባ ላይ በሶስት ዓምድ ጻፉ።

10. መዝገቡን ማንበብ

ከካርዱ አጠገብ አንድ ደብተር ይሰቀል። በየድስቱ አራት ነገር ብቻ፦ ቀን፣ የአብሳዩ ስም፣ ከማስተካከል በፊት ሚዛኑ ያነበበው ክብደት፣ የቀረበው ሳህን ብዛት። «ከማስተካከል በፊት» የሚለው አስፈላጊ ነው። ከተስተካከለ በኋላማ ሁሉም 16.2 ነው፣ ምንም አይነግራችሁም።

ሳምንት ሳይሞላ መዝገቡ መናገር ይጀምራል። የአንዱ አብሳይ ክብደት ሁልጊዜ 15.5 አካባቢ ከሆነ እሳቱ በዝቷል፣ ወይም ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ነው የሚያበስለው። የሁሉም ክብደት ከአንድ ቀን ጀምሮ አብሮ ከወረደ ሰው ላይ አትፍረዱ። ምስሩ አርጅቶ ለመብሰል እየዘገየ ይሆናል፣ ወይም ምድጃው ተጠግኖ ኃይሉ ጨምሯል። ክብደቱ ትክክል ሆኖ ሳህኑ 35 ላይ ካለቀ ጭልፋውን ፈትሹ። ሳህኑ ከ40 አልፎ 43 ከደረሰ ደግሞ እየተቆጠበ ነው የሚቀዳው።

ክብደቱም ሳህኑም ልክ ሆኖ ጣዕሙ ከተለየ የቀሩት ተጠርጣሪዎች ጥቂት ናቸው። መጀመሪያ የሽንኩርቱ አቆላል፣ ቀጥሎ ቲማቲሙ። ትኩስ ቲማቲም በቲማቲም ድልህ ከተተካ ሾርባው ይጣፍጣል፣ ይወፍራል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ለውጥ የግድ ከሆነ በቃል አይነገር። አዲሱ ዕቃ ተመዝኖ፣ ሾርባው እንደገና ተሰርቶ፣ ካርዱ በአዲስ ቀን ይጻፍ፣ አሮጌው ካርድ ከግድግዳው ወርዶ ይቀደድ። ለውጡን የሚፈቅደው ሰው አንድ ይሁን፣ ስሙም ካርዱ ላይ ይኑር።